ከበሩ ጀርባ የተጻፈው ተራ

ሱቃችን የምትከፈትበትን ሰዓት ለእንግዳ ሰው ማስረዳት ያደክማል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንከፍታለን፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን እንዘጋለን። በጋምቤላ ፀሐይ ቀትር ላይ ሳሙና ልግዛ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰን እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት እንቆያለን። ዓርብ ለጁምዓ ቀደም ብለን እንዘጋና ከሶላት በኋላ እንከፍታለን። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አንዘጋም። እሑድ ጠዋት የከተማው ግማሽ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስለዚህ የምንከፍተው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ረቡዕ ሰዓቱ ከሌላው ቀን ባይለይም ሥራው ይለያል። የኢታንግ ቸርቻሪዎች በመጀመሪያው መኪና ይደርሱና የሳሙናውን፣ የፓስታውን፣ የባትሪ ድንጋዩን ካርቶን ያስወጡናል። ያን ጠዋት ለአንድ ሰው አይሞከርም፤ አንዱ ከጓዳ ሲያወጣ ሌላው ባንኮኒው ላይ መቆም አለበት።

ይህን ሁሉ የምንሸፍነው ሦስት ሆነን ነው። ድሮ ግን ሰው ቢጠይቀኝ «ሁለት ሠራተኞች አሉኝ» ነበር የምለው። ራሴን ከቁጥር አላስገባም ነበር።

አንዷን እታለም እላታለሁ። አባቴ ከወሎ ይዞት የመጣ የታላቅ እህት መጥሪያ ነው፤ እሷ አኙዋ ናት፣ ግን ስሙን ወዳው አሁን ሰፈሩ ሁሉ በዚያው ይጠራታል። እኔ ደብተሬን ተንተርሼ ባንኮኒው ሥር እንቅልፍ የሚወስደኝ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ እንኳ እዚያው ነበረች። ባሮ ሲጎድል ዳርቻው ላይ በቆሎ ትዘራለች። ጠዋት ጠዋት ማሳዋ ላይ ካልዋለች ዝንጀሮና ወፍ ስለማይምሯት ሱቅ የምትደርሰው ረፈድ ሲል ነው። ማታ ግን ቤቷ ቅርብ ስለሆነ እስከ ፈለግነው ድረስ ትቆያለች፤ እንዲያውም ከመሸ በኋላ ነው ጨዋታዋ የሚደምቀው።

ሌላው ወጣት ኑዌር ነው፣ «ልጁ» እለዋለሁ፤ ከሱቁ ጀርባ ክፍል ተከራይቶ ማታ ማታ ኮሌጅ ይማራል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ዓይኑ ከደንበኛው ላይ ይነሳና መንገዱን ማየት ይጀምራል። «ቦስ» ይለኛል። መጀመሪያ ሲቀልድብኝ ነበር፣ በኋላ ለመደበትና ቀረ።

ሱቁን የከፈተው አባቴ ነው። ዓይኑ ሲደክም ቤት ተቀመጠና ለእኔ ሰጠኝ፤ ከሱቁ ጋር ደግሞ ሕጉን ሰጠኝ። ሕጉ አንድ ነው፦ ቁልፍ ከቤተሰብ አይወጣም። በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የቤቱ ሰው ነው። ሠራተኛ ምንም ያህል ቢታመን፣ ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቁልፍ የያዘውን ሰው ይጠብቃል። ይህ የአባቴ ብቻ አይደለም፤ በእኛ መንገድ ያሉ ነጋዴዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ጠዋት ስታልፉ በየሱቁ ደጃፍ ሠራተኞች ተደርድረው ባለቤቱን ሲጠብቁ ታያላችሁ። ክፋት ብሎ የሚያስበው የለም። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

ልጄ ስትወለድ ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ ነበር፤ የእግሯ መዳፍ ወደ ሌላኛው እግር ይመለከታል። አለቀስኩ። ሆስፒታል ስንወስዳት ባለሙያው በጣቱ እየዳሰሰ ተስፋ ሰጠኝ፦ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተመለሰ በጀሶ ይታሰራል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይቃናል፣ ከዚያ በልዩ ጫማ ይጠበቃል። «ዋናው ነገር ሳምንት አለመዝለል ነው» አለኝ። ጀሶ የሚያስርበት ቀን ረቡዕ ጠዋት ብቻ ነው። ጠዋት ቤት ውስጥ አሮጌውን ጀሶ በውኃ አርሰን ፈትተን ማምጣት ነበረብን፤ እሱ ጋ ስንደርስ ቶሎ አዲሱን ያስራል። ፈትቶ መቅረት ግን አይቻልም፤ እግሩ ወደነበረበት ይመለሳል።

የመጀመሪያዎቹን ረቡዖች ባለቤቴ ቤት ስለነበረ ሱቁን እሱ ከፈተ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት መሆኑ ዕድል እንጂ ፕሮግራም አይደለም። ቀጥሎ ባለው ረቡዕ ጅማ መንገድ ላይ ነበር። እኔም ማልጄ ጀሶውን ፈታሁ፣ ልጄን አጥቤ አዘልኩ፣ ሱቁን ብቻ ልክፈትላቸውና ልብረር አልኩ። ኑዌሩ ልጅ በረንዳው ላይ እየጠበቀኝ ነበር። የኢታንጎቹም እየጠበቁኝ ነበር። እሱ ጓዳ ገብቶ ካርቶን ሲያወጣ ባንኮኒው ላይ የሚቆም የለም፤ እታለም ማሳዋ ላይ ናት። አንዱን ላስተናግድና ስል ሌላው መጣ፣ እሱን ስል ሌላው። ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ስደርስ ባለሙያው ዕቃውን አጥቦ ወጥቷል። ወረፋው ቀድሞ አልቋል።

ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ባዶ እግር ሳይ ከረምኩ። በየቀኑ ትንሽ ወደ ውስጥ ትዞር ነበር፤ ወይ ለእኔ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ጀሶ የሠራው ሥራ ተመልሶ ይፈርሳል ማለት ነው። የሚቀጥለውም ረቡዕ ባለቤቴ መንገድ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ሱቁን ዘግቼ ልሂድ እንዳልል የኢታንግ ደንበኞች አንዴ በሩን ዝግ ካገኙት ሌላ በር ያንኳኳሉ፤ ከእነሱ ውጪ ደግሞ ሱቁ ሦስት ቤተሰብ አያኖርም።

ሐሙስ ማታ ጠመኔ አነሳሁ። የሱቁ በር ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ብረት ነው፤ ጀርባው አረንጓዴና ሰፊ ሰሌዳ ይወጣዋል። ሁሉም ሰው ገብቶ የሚያየው እዚያ ላይ ስለሆነ ፕሮግራም ላወጣ ተነሳሁ። ቀኖቹን ጻፍኩ፣ ለሁለቱ እኩል አካፈልኳቸው፣ ሰኞ እሱ፣ ማክሰኞና ረቡዕ እሷ፣ ሐሙስ እሱ፣ ዓርብ እሷ፣ ቅዳሜ እሱ። ፍትሐዊ ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ልጁ አንብቦት ሳቀ።

«ቦስ፣ ቅዳሜ ብቻዬን? ምን አድርጌሻለሁ?»

«እኩል አይደለም እንዴ?»

«ቅዳሜና ሰኞ እኩል ነው?»

እታለም ረፈድ ሲል መጣችና እሷም አየችው። «እሮብ ጠዋት እኔ ብቻዬን ካርቶን ተሸክሜ፣ ብቻዬን ልሸጥ? ሐሙስ ማታ ደግሞ እሱ ኮሌጅ ነው፣ ማን ሊሸጥ ነው፣ በሩ?» አለች። ከዚያ ልጄን ከጀርባዬ ፈትታ ወሰደችና እግሯን በመዳፏ ያዘችው። በዚያ ሳምንት እግሩን የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይል ነበር፤ እሷ ያዘችው ብቻ።

የጻፍኩትን አጥፍተን እንደገና ጀመርን፣ አሁን ሦስታችንም በሩ ጋ ቆመን። በዚህኛው ስም አልጻፍንም፤ መጀመሪያ የሱቁን ሰዓት ብቻ ጻፍን፦ ጠዋትና ከሰዓት፣ እያንዳንዱን ቀን በየሁኔታው፣ እሑድን በአንድ ሳጥን፣ ቅዳሜን በአንድ ረጅም ሳጥን። በየሳጥኑ ሥር ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አሰፈርን። ብዙዎቹ አንድ ሰው ይበቃቸዋል። ረቡዕ ጠዋት ሁለት፤ ቅዳሜ ሦስታችንም፣ ምሳም ጸሎትም በየተራ። ቀጥሎ እያንዳንዳችን የማንችለውን ተናገርን፦ እሱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት፣ እሷ በማለዳ፣ ሁለቱም እሑድ። እኔ ረቡዕ ጠዋት አልኩ።

«እንግዲያው ከሱ ነው የምንጀምረው» አለች እታለም።

ትክክል ነበረች። የሚያስቸግረውን ሳጥን ቀድሞ ካልሞሉት፣ ቀላሎቹን ሲሞሉ ሰው ያልቃል። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ እኔ የለሁም፤ የቀሩት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ለሱ ጠዋት ምንም አይደለም። ለእሷ ግን ማሳዋ አለ።

«በቆሎዬን አንድ ቀን ዝንጀሮ ይብላው» አለች። «የዝንጀሮም ተራ ይኑረው።»

ስቄ ስጨርስ እንባዬ መጣ። ጠመኔውን ሰጠኋትና ጎን ዞርኩ፤ እሷም እንዳላየች ሆና ለልጁ ታወራለች።

ሌላው ራሱ ሞላ። እሱ የሰኞ፣ የማክሰኞና የሐሙስ ጠዋት። እሷ የሰኞና የማክሰኞ ከሰዓት፣ ዓርብም ከጁምዓ በኋላ። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱም ስለሚደክሙ ከሰዓቱን እኔ ወሰድኩ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ዓርብ ጠዋት፣ እሑድ ከሰዓት እኔ። ቅዳሜ ሁላችንም። ብንቆጥረው ለእያንዳንዳችን አምስት አምስት ደረሰ፤ እሱና እሷ እሑድን ሙሉ አገኙ፣ እኔ ሰኞና ማክሰኞን። የእሱ ማለዳና የእሷ ምሽት እንደ ድስትና ክዳኑ ተገጣጠሙ። ይህን ያህል ጊዜ አብሬያቸው ሠርቼ ይህን አላየሁትም ነበር።

አሁን ጠመኔውን ተቀበልኩና በእያንዳንዱ ቀን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የራሴን ስም ጨመርኩ።

ልጁ ጭንቅላቱን አዘመመ። «ይሄ ምንድነው?»

«ቁልፍ ነዋ። እኔ ነኝ የምከፍተው፣ እኔ ነኝ የምዘጋው።»

«ቦስ፣ አንቺ ስንት ነሽ?» አለ። «ጠዋት አንቺ። ማታ አንቺ። እሮብ ሆስፒታልም አንቺ፣ ሱቅም አንቺ። ስንት ነሽ?»

አላሾፈም። በእውነት የሚቆጥር ነበር የሚመስለው። ቁልፉ የእኔ ሕግ አይደለም፣ የአባቴ ነው ልል ብዬ ተውኩት። በዚህ ሕግ ምክንያት በረንዳ ላይ ስንት ጠዋት እንደጠበቁኝ ለእነሱ ልነግራቸው? አንዳቸውም ቁልፍ ስጪን አላሉኝም። እታለም መጥረጊያዋን አንስታ መጥረግ ጀመረች።

እሑድ ማታ አባቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ «ፕሮግራም አወጣን» አልኩት።

«የምን ፕሮግራም? ሱቅ እኮ ነው፣ አውሮፕላን አይደለም።» አባቴ ለአዲስ ነገር የመጀመሪያ መልሱ እንዲህ ነው። ቀጥሎ ግን «እስቲ አንብቢልኝ» አለ፤ ዓይኑ ስለማያነብ ሁሉን ነገር ያስነብበኛል፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ጭምር።

በወረቀት ገልብጬ ነበር። አነበብኩለት። «ሰኞ ጠዋት የምከፍተው እኔ፣ የሚሸጠው ልጁ፣ የምዘጋው እኔ። ከሰዓት የምከፍተው እኔ፣ የምትሸጠው እታለም፣ የምዘጋው እኔ። ማክሰኞ የምከፍተው እኔ…»

ረቡዕ ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

«ረቡዕ ጠዋትም አንቺ?»

«ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው፣ አባ።»

«የልጅቷስ ተራ የት ነው?»

ልጄ በመሃላችን ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ነበር፤ እጁን ሰድዶ ጨርቁን ዳበሰ፣ እግሯን አገኘ። ዓይኑ የማያየውን በጣቱ ያያል። የተረከዟን መታጠፊያ ሲነካ ፊቱ ተለወጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ትቃናለች ኢንሻአላህ» ብቻ ነበር የሚለው፤ ለካ በእጁ አልነካውም ነበር።

«ቀለበቱን አምጪ» አለ።

የቁልፍ ቀለበቱን ሰጠሁት። ጓጉንቸሩ ሲገዛ ከሦስት ቁልፍ ጋር ነው የተገዛው፤ አባቴ ሦስቱንም በአንድ ቀለበት አስሮ ኖሯል፣ እኔም እንዳሰረው ተረከብኩ። ሦስት ቁልፍ ለአንድ ሰው! እንደ እኔ ያለ ግትር ሰው ካልሆነ ማን ይህን ሳይታየው ይኖራል? ቀለበቱ ጠንካራ ነበር። ጥፍሩን አስገብቶ ሲታገል ልርዳህ አልኩት፣ እምቢ አለኝ። አንድ ቁልፍ ወጣ፣ ቆይቶ ሁለተኛው፣ ቆይቶ ሦስተኛው።

«ለሁለቱም ስጪ» አለ።

«ቢጠፋስ?» አልኩት። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፤ የምለምነውን ነገር ሲሰጠኝ እኔው ሕጉን መከላከል ጀመርኩ።

«ጓጉንቸር ይቀየራል» አለ። «እግር ይቀየራል?»

ቀለበቱን ባዶውን ኪሱ ከተተው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ሰኞ ጠዋት ለልጁ ቁልፉን ሳቀብለው ምን እንደምል ቤት ሳለሁ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝና «እንካ፣ ሰኞ ያንተ ነው» ብቻ አልኩ። ቁልፉን እጁ ላይ አገላብጦ አየው፤ የአንገቱን ክር ፈታ፣ ቁልፉን አስገባ፣ እንደገና አሠረው። እታለም ከሰዓት በኋላ ስትቀበለኝ ከወገቧ የመቀነቷን ጫፍ ፈትታ ቋጠረችው፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ጎተት አድርጋ ፈተነችው። «አባትሽ ነው የላከው?» አለችኝ። «እሱ ነው» አልኳት። «እሱን ሰላም በዪልኝ» አለች።

ያን ረቡዕ ልጄን አዝዬ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ከወረፋው ሁለተኛ ነበርኩ። ባለሙያው እግሯን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ወደኋላ ሄዷል፣ ግን ይመለሳል አለ። በጀሶው ውኃ የረጠበ እጁ ያቺን ትንሽ እግር በዝግታ ሲመልስ እኔ ስለ ካርቶን አላሰብኩም። እንዳልዋሽ፣ አንድ ጊዜ አሰብኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ወደ ሱቅ ስመለስ የኢታንጎቹ ጭነው ሄደዋል፣ ልጁ ጓዳውን እያስተካከለ ነበር፣ እታለም ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ባንኮኒው ላይ ቆማለች።

«የዝንጀሮው ተራ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«እስካሁን እየበላ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ አልዘለልንም። ዝናብ መንገዱን ጭቃ ሲያደርገው፣ ልጁ ፈተና ላይ ሲሆን፣ በሩ ጀርባ ያለው ጠመኔ ይጠፋና ይጻፋል፤ እሱ አንድ ጠዋት ሲጎድል ማን እንደሚተካውና በሌላ ቀን እንዴት እንደሚመልስ ሦስታችን ቆመን እንነጋገራለን። ሳንነጋገር የሚቀየር ሳጥን የለም። ለፈተናው ስንል እታለም የሰኞን ማለዳ ይዛ ታውቃለች፣ የእሷ በቆሎ ሲደርስ ደግሞ እሱ ከኮሌጅ እረፍት ላይ ስለነበረ ከሰዓቷን ይዞላት ነበር። ጀሶው አለቀ፣ በብረት የተያያዘው ልዩ ጫማ መጣ፣ እሱም ለቀንና ለሌሊት ሲሆን ቆይቶ ለሌሊት ብቻ ሆነ። አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ከአላህ ቀጥሎ ለባለሙያው እጅ፣ ለአባቴ ጥፍር፣ ለእታለም በቆሎ፣ «ስንት ነሽ» ብሎ ለጠየቀኝ ልጅ አመስጋኝ ነኝ፤ ይህን በፊታቸው ብል ይስቁብኛል፣ ስለዚህ እዚህ እላለሁ።

በቅርቡ አንድ ሰኞ ማታ ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው፣ አባቴ ተኝቷል። ልጄን ታቅፌ ሱቅ ሄድኩ፤ መዝጊያው ሰዓት ደርሶ ነበር። እታለም የውጪውን ዕቃ አስገብታ ጨርሳለች። ላግዛት ባልዲ ላነሳ ስል ከእጄ ተቀበለችኝና ወደ በሩ ጀርባ በአገጯ አመለከተች።

«ሰኞ ላይ ስምሽ የታለ?»

«የኔ ሱቅ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ሰኞ ግን ያንቺ አይደለም። ልጅሽን ያዢና ግቢ።»

የመቀነቷን ቋጠሮ ፈታች፣ ጓጉንቸሩን ቆለፈች፣ አንዴ ጎተት አድርጋ ፈተሸችው። እኔም ከአስፋልቱ ጠርዝ ልጄን ላነሳት ጎንበስ አልኩ። አልታቀፍም አለች። እጇን ብቻ ሰጠችኝና እስከ ቤት ድረስ በእግሯ ሄደች።